እሁድን ተዋት

ሰሞኑን አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ እሁድ እሁድ ቁጭ ስል ጓደኞቼ ጥለውኝ የሚሄዱ ይመስለኛል። ተደብቄ ብሮጥስ?» 18 ዓመቱ ነው፣ ክለብ ከገባ ገና ነው። ጥያቄው አንዲት ሯጭ አስታወሰኝ። የእሷ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያኔ የአንድ ክለብ ፊዚዮቴራፒስት ነበርኩ። ልጅቷ 17 ዓመቷ ነበር፣ 5,000 ሜትር ነው የምትሮጠው። እንጦጦ ላይ ከባህር ዛፉ ሥር ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰዓት፣ ሌሎቹ ገና ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ እሷ ጫካ ውስጥ ገብታለች። ማክሰኞ ትራክ፣ ሐሙስ ኮረኮንች፣ ቅዳሜ ረጅም ሩጫ፤ በመሀል ያሉት ቀናት ቀላል ሩጫ፣ እሁድ እረፍት ነው። እሷ ግን ቀላሉንም እንደ ውድድር ነበር የምትሮጠው፣ እሁድም ብቻዋን ትወጣለች።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የልብ ምቷ ነው። ሁሉም ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጥረው ደብተር ላይ እንዲጽፉ አድርጌ ነበር። የእሷ 50 አካባቢ ነበር። ከዚያ 58፣ 60 ሆነ፣ በዚያው ቀረ። እንቅልፍሽስ አልኳት። «ሞቼ ነው የምገባው፣ ግን ስተኛ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል» አለችኝ። ብዙ ሰው የደከመ ሁሉ ድብን ብሎ የሚተኛ ይመስለዋል። ሰውነት ከመጠን በላይ ሲለፋ ግን እንቅልፍ ራሱ ይረበሻል።

ትራክ ላይ ደግሞ 1,000 ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ዘና ብላ ትጨርስ የነበረችው ልጅ፣ አሁን ጥርሷን ነክሳ 3 ከ30 ይሆንባታል። አሰልጣኙ ሰነፈች ብሎ ዙር ጨመረባት። እረፍት ያስፈልጋታል አልኩት፣ አልሰማኝም። እንጀራዋን ግማሹን ትታ ትነሳለች፣ ጉንፋን ይመላለስባታል፣ በትንሹ ትቆጣለች። የወር አበባዋም ከቀረ ወራት ሆኖት ነበር፤ እሷ እንደ ግልግል ነበር ያየችው። ለጓደኛዋ ነው የነገረቻት፣ እኛ የሰማነው ዘግይተን ነው። ሴቶች ልጆች፣ ይሄ ግልግል አይደለም። ብዙ ጊዜ የምትበዪው ለምትሮጪው አልበቃም ማለት ነው፣ አጥንትም ይሳሳል።

በመጨረሻ ቅልጥሟን አመማት። በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ ወረድኩ፣ አንዲት ቦታ ላይ ስደርስ ዘለለች። ጡንቻ ሲሆን ሕመሙ ሰፋ ብሎ ይሰማል፤ እንዲህ በጣት የሚጠቆም ሲሆን ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ራጅ ተነሳች፣ ንጹህ ነው ተባለ። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ ራጅ ላይ አይታይም፣ ኤምአርአይ ነው የሚያሳየው። አሰልጣኙ ንጹህ የሚለውን ይዞ አሰለፋት። ውድድሩን አልጨረሰችም፣ በሰው ተደግፋ ወጣች። ከዚያ አገሯ ገባች፣ በዚያው ቀረች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልምምድ በራሱ አያጠነክርም። ጠንካራ ሩጫ የጡንቻን ክሮች በጥቂቱ ይጎዳል፣ በውስጣቸው የተከማቸውን ስኳር ይጨርሳል። ስኳሩ በደንብ ተበልቶም ቢሆን ለመሙላት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ክሩን ለመጠገን የሚረዳው የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚለቀቀው በመጀመሪያዎቹ የሌሊት ሰዓታት፣ ከባድ እንቅልፍ ሲወስዳችሁ ነው። አጥንት ደግሞ ያረጀውን መጀመሪያ አፍርሶ ነው አዲስ የሚተካው፣ በመሀል ይደክማል። እሁድን የሮጠ ሰው የቅዳሜው ሩጫ ሥራውን ሳይጨርስ እንደገና ይጎዳዋል።

የዛሬ ልጆች እረፍት የምትሉት ነገር አይገባኝም። ቀኑን መርካቶ ስትዞሩ ትውላላችሁ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ቲክቶክ፣ ጠዋት 11 ሰዓት ተነስታችሁ ጫካ። በእናንተ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ ሌሊቱ ካጠረ ቀን ተኙ። እርግጥ ያቺ ልጅ ስልክም አልነበራትም፣ ስለዚህ ሁሉንም በስልክ ላይ አላሳብብም።

ለጠየቅከኝ ልጅ፦ እሁድን ተዋት። የጠዋት ምትህን ጻፍ። ለተከታታይ ቀናት ከለመድከው በ7 ወይም በ8 ከፍ ካለ፣ የለመድከው ፍጥነትም ከከበደህ፣ ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ በሙሉ ቁም። ምቱ ከተመለሰ ተራ ድካም ነበር፣ በቀላል ሩጫ ጀምር። ሁለት ሳምንት አርፈህም እግርህ ካልቀለለህ ሐኪም ዘንድ ሂድና ደምህን ተመርመር፤ የብረት እጥረትም ወባም እንዲሁ ያደክማሉ። ምቱ ባይጨምርም ሌላው ምልክት ካለብህ አትናቀው፣ ሁሉም ላይ አይጨምርም። ደብተሩን ደግሞ ለአሰልጣኝህ አሳየው፤ ደከመኝ ስትለው ባይሰማህ ቁጥሩን ያየዋል።