92 በመቶ ልክ የሆነ ክላሲፋየር ሲቪ ላይ ይጻፍ?

«ሰላም ጋሼ። ዘንድሮ ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ እመረቃለሁ። ለመመረቂያ የሠራሁት ከዚራ ላለ የትራንዚተር ቢሮ የደንበኞችን ጥያቄ የሚመልስ የቴሌግራም ቦት ነው። መልሱን የሚጽፈው ትልቁ የቋንቋ ሞዴል ዋጋው ስለሚወደድ፣ ቀላሉን ጥያቄ ወደ ትንሹ፣ ከባዱን ወደ ትልቁ ሞዴል የሚልክ ክላሲፋየር አሠለጠንኩ። ቀላልና ከባዱን እያነበብኩ የለየሁት ራሴ ነኝ። በ1,000 ጥያቄ ስፈትነው 92 በመቶ ልክ ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት የሥራ ቃለ መጠይቅ አለኝ። ይህን ቁጥር ሲቪዬ አናት ላይ ልጻፈው?»

እህቴ፣ ፕሮጀክቱን ጻፊው። ቁጥሩን ግን እንዳለ አትጻፊው። ሙያውን የሚያውቅ ጠያቂ ከገጠመሽ መጀመሪያ የሚልሽ ይህንን ነው፦ «ሁሉንም ጥያቄ ዝም ብለሽ ወደ ትንሹ ብትልኪው ስንት በመቶ ታገኚ ነበር?»

እስቲ እናስላው። ትራንዚተር ቢሮ የሚመጣው አብዛኛው ጥያቄ «ዕቃዬ ደረሰ ወይ?»፣ «ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ?» ዓይነት ነው። ከ1,000ው ውስጥ ለ900ው ትንሹ ሞዴል ይበቃል፣ 100ው ግን ትልቁን ይፈልጋል እንበል። እንግዲህ ምንም ክላሲፋየር ሳይኖር ሁሉም ወደ ትንሹ ቢሄድ 90 በመቶው ልክ ነው ማለት ነው። ያንቺ 92 ከዚያ የሚበልጠው በ2 ብቻ ነው።

አሁን 92ቱን ፈልቅቀን እንየው። ክላሲፋየርሽ 60 ጥያቄ ወደ ትልቁ ላከ እንበል፤ 40ው በእርግጥ ከባድ፣ 20ው ቀላል። ያለቦታቸው የተላኩት 80 ናቸው፤ 20 ቀላል ወደ ትልቁ፣ 60 ከባድ ወደ ትንሹ። ከ1,000 ላይ 80 ሲነሳ 92 በመቶ ይመጣል። ግን ከ100 ከባድ ጥያቄ 60ው አልፎሻል! ትልቁን ሞዴል ያስፈለገሽ ለነዚህ ነበር።

ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም። ቀላል ጥያቄ ወደ ትልቁ ሲሄድ የምትከስሪው ገንዘብ ነው፤ ወር ሲያልቅ ሂሳቡ ላይ ይታያል። ከባዱ ወደ ትንሹ ሲሄድ ግን የትም አይታይም። ትንሹ ሞዴል ብዙ ጊዜ አላውቅም አይልም፤ አሳምሮ ጽፎ ይመልሳል። ደንበኛውም አምኖ ይሄዳል፤ ጉምሩክ ደርሶ ሰነድ ጎድሎታል ሲባል ነው የሚነቃው። ያኔም ስልክ የሚደውለው ለትራንዚተሩ እንጂ ላንቺ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ቁጠሪያቸው። አንድ ላይ የተደመረ ቁጥር ይህን ይሸፍናል።

ቀጥሎ ክላሲፋየሩ ጥያቄውን «ከባድ» ብሎ ወደ ትልቁ የሚልክበትን መቁረጫ ነጥብ ነክተሽ እዪው። ተራው `predict` የሚቆርጠው 0.5 ላይ ነው። ከባዱ ጥያቄ ጥቂት ሲሆን ይህ ብዙውን ያሳልፋል። ይልቅ ጥያቄው ከባድ የመሆን ዕድሉን ራሱን አውጪውና ነጥቡን ራስሽ ምረጪ፦

```python
p = model.predict_proba(X_val)[:, 1]
send_large = p >= 0.15
```

ነጥቡን ስታወርጂ ወደ ትልቁ የሚሄደው 250 ደረሰ፣ ከከባዶቹም 85ቱን ያዘ እንበል። 165 ቀላል ጥያቄ ያለቦታው ሄዷል፣ 15 ከባድ አምልጧል። ልክነቱ ወደ 82 በመቶ ወረደ። ያመለጡት ከባድ ጥያቄዎች ግን ከ60 ወደ 15 ቀነሱ። ወጪውንም እዪ። ትንሹ በጥያቄ 1፣ ትልቁ 20 ቢያስከፍል፣ ሁሉን ወደ ትልቁ መላክ 20,000 ነው። የመጀመሪያው አሠራር 2,140፣ ሁለተኛው 5,750 ይሆናል። ቢሮው የቱን ይመርጣል? ይህን የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ ያንቺ ሥራ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ደግሞ 250 ጥያቄ እንዲሁ በዕጣ ወደ ትልቁ ብትልኪ ከከባዶቹ የምትይዢው 25 ገደማ ነበር። 85 ከ25 ሲተያይ ነው ክላሲፋየርሽ ምን እንደሠራ የሚታወቀው። መቁረጫውን የመረጥሽበት ጥያቄና የመጨረሻውን ውጤት የለካሽበት ጥያቄ ግን የተለያየ ይሁን።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ቀላልና ከባዱን በዓይንሽ ነው የለየሽው። «የዚህ መኪና ቀረጥ ስንት ነው?» የሚለው አጭር ነው፤ ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን የሞተሩን ጉልበትና የተሠራበትን ዓመት ሳይጠይቁ አይሰጥም። በተቃራኒው አንዱ ደንበኛ ረጅም ታሪክ ጽፎ መጨረሻ ላይ የሚጠይቀው «ቅዳሜ ትሠራላችሁ?» ብሎ ሊሆን ይችላል። ጥያቄ ከባድ የሚባለው ትንሹ ሞዴል ሲወድቅበት ነው፤ ይህን ደግሞ ሳይሞክሩ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት ይህን ብቻ አድርጊ። 300 ጥያቄ በዕጣ ምረጪ። እያንዳንዱን ለሁለቱም ሞዴል ላኪ። መልሶቹን የትኛው የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ አደባልቂና ሥራውን የሚያውቅ ትራንዚተር «ለደንበኛ ይላካል» ወይም «አይላካል» እንዲልልሽ ለምኚ። ትንሹ ካለፈ ጥያቄው የትንሹ ነው። ትንሹ ወድቆ ትልቁ ካለፈ የትልቁ ነው። ሁለቱም ከወደቁ ክላሲፋየሩን አትውቀሺው፤ እሱን ለብቻ መዝግቢ፣ ወደ ሰው የሚተላለፍ ጥያቄ ነው። ትንሹን ሞዴል በሌላ የቀየርሽ ቀን ይህ የትንሹና የትልቁ ምደባ በሙሉ እንደገና መሠራት አለበት፤ ለአንዱ የከበደው ለሌላው ላይከብድ ይችላላ።

ቦቱ ሥራ ከጀመረ በኋላም ወደ ትንሹ ከሄዱት ጥቂቱን በዕጣ እያወጣሽ ለትልቁም ላኪና አስፈትሺ። ቅሬታ ብቻ ከጠበቅሽ የምታዪው የተቆጣውን ሰው ብቻ ነው። ከ200 ውስጥ 13 የወደቀ ብታገኚ 6.5 በመቶ ነው፤ ናሙናው ትንሽ ስለሆነ ግን እውነቱ ከ4 እስከ 11 በመቶ ገደማ የትም ሊሆን እንደሚችል አብረሽ ተናገሪ።

ሌላው የድሬ ጉዳይ ነው። ያንቺ ደንበኞች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይጽፋሉ፤ ብዙ ሰው አማርኛውንም በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው። ክላሲፋየርሽ የሠለጠነው በአብዛኛው በግዕዝ ፊደል ከሆነ፣ ለሌላው ጽሑፍ የሚሰጠው ዕድል ግምት ነው። ውጤቱን በቋንቋና በፊደል ከፋፍለሽ አሳዪ። በጥቅሉ ከከባዶቹ 85 በመቶውን የያዘ ነገር ሶማሊኛ ላይ ግማሹን ሊስት ይችላል። ቁጥሩ መጥፎ ቢሆን እንኳ አትደብቂው። እኔ ቀጣሪ ብሆን ይህን ራሷ ፈልጋ ያገኘችውን ልጅ ነው የምወስደው።

ሲቪሽ ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፤ ቁጥሮቹን በለካሽው ተኪያቸው፦ «የሦስት ቋንቋ ደንበኞችን የሚያስተናግድ ቦት ላይ በሁለት ሞዴሎች መካከል ጥያቄ የሚያከፋፍል ክላሲፋየር ሠራሁ። ሁሉን ወደ ትልቁ ከመላክ ጋር ሲነጻጸር ወጪው በዚህን ያህል ቀነሰ፤ ትልቁን ከሚፈልጉት ጥያቄዎች ይህን ያህሉ አምልጠዋል፤ መልሶቹን የገመገመው ባለሙያ ነው።» «ያመለጡት እነማን ናቸው?» ብለው ከጠየቁሽ፣ ሦስት አራቱን ከነመልሳቸው አትመሽ ይዘሽ ግቢ።