ነጥብ ተሰጠ፣ ከዚያስ? ስለ ማኅበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

መልሱን የሚሰጡት በወረዳና በቀበሌ ደረጃ በማኅበራዊ ተጠያቂነት ማለትም ተገልጋዮች የመንግሥት አገልግሎት ሰጪዎችን በሚጠይቁበት ሥራ በአመቻችነት የቆዩ ሰው ናቸው።

ሰላማዊት፦ በእኛ አካባቢ ጤና ጣቢያው በየሩብ ዓመቱ በካርድ ነጥብ ይሰጠዋል ይባላል። ይህ ከተለመደው የቀበሌ ስብሰባ በምን ይለያል?

መልስ፦ ዋናው ልዩነት ሰዎች የሚናገሩበት ቅደም ተከተል ነው። በቀበሌ ስብሰባ መጀመሪያ የሚናገረው ኃላፊው ነው፤ ከዚያ ሁለት ሦስት የለመዱ ተናጋሪዎች እጅ ያወጣሉ፣ ሌላው አዳምጦ ይበተናል። በካርዱ ግን ተገልጋዮች መጀመሪያ ኃላፊ በሌለበት በየቡድናቸው ይቀመጣሉ፤ እናቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ለብቻ። ጤና ሚኒስቴር በሚጠቀምበት ካርድ የሚመዘኑት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የባለሙያው አክብሮትና ርኅራኄ፣ ተራ ጥበቃ የሚወስደው ጊዜ፣ የመድኃኒትና የምርመራ መሟላት፣ የተቋሙ መሠረተ ልማት፣ የአምቡላንስ አገልግሎትና ንጽሕና። ቡድኑ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከነምክንያቱ ይሰጣል።

ማኅበራዊ ተጠያቂነት በሚሠራባቸው ፕሮጀክቶች በለመድነው አካሄድ ባለሙያዎቹም በሌላ ክፍል ሆነው ለራሳቸው ነጥብ ይሰጣሉ። እናቶች ለአክብሮት ከ5 ነጥብ 2 ሰጥተው፣ ባለሙያዎቹ ለራሳቸው 4 ሲሰጡ፣ ለውይይቱ ከየትኛውም አማካይ ውጤት ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ክፍተት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ወገኖች በገጽ ለገጽ መድረክ ይገናኛሉ፤ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ የሚገልጽ የጋራ የድርጊት መርሐ ግብርም ይጽፋሉ። ቡድኖቹ መለያየታቸው ለይምሰል አይደለም። በምጥ ላይ ሳለች አዋላጇ የጮኸችባት እናት በባሏና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፊት ይህን አትናገርም።

ግርማ፦ እኔ እንደማምነው ችግሩ ሕዝቡ መብቱን አለማወቁ ነው። መረጃ ከሰጠነው ተቋሙን ራሱ ይቆጣጠራል፤ ይህ በኡጋንዳ በጥናት ተረጋግጧል።

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። አንዲት እናት በጤና ጣቢያ መውለድም ሆነ አምቡላንስ በነጻ መሆኑን ካላወቀች፣ ገንዘብ ስትጠየቅ ከፍላ ትሄዳለች እንጂ ዝቅተኛ ነጥብ አትሰጥም። ስለዚህ ከነጥቡ በፊት የአገልግሎቱ ደረጃ መነገር አለበት።

የኡጋንዳው ታሪክ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። በ2009 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመው ጥናት በ50 ማኅበረሰቦች ውስጥ የተካሄደ ሲሆን፣ ነዋሪዎችና የጤና ባለሙያዎች በአሠራር መረጃ ላይ ተወያይተው የጋራ ዕቅድ ባወጡባቸው ቦታዎች ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በአንድ ሦስተኛ ገደማ መቀነሱን አሳየ። ይህን የሰማ ለጋሽ ሁሉ ካርድ ይዞ ተነሣ። ከዓመታት በኋላ እዚያው ኡጋንዳ ውስጥ ከ370 በላይ በሆኑ ጤና ጣቢያዎች ተመሳሳይ ሥራ ሲፈተሽ የሕክምናው ጥራትና የታካሚው እርካታ በመጠኑ ተሻሻለ፤ በሕፃናት ሞት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። በታንዛኒያና በኢንዶኔዥያ በእናቶች ጤና ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራም አማካይ ለውጥ አላስመዘገበም።

የልዩነቱ ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዳንዶች በመካከሉ ባሉት ዓመታት የኡጋንዳ ሕፃናት ሞት በራሱ በእጅጉ ስለ ቀነሰ ለመድረኩ የቀረለት ሥራ ጥቂት ነበር ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የመጀመሪያው ናሙና ትንሽ ነበር ይላሉ። በእኔ ግምት ሁለቱም ምክንያቶች ድርሻ አላቸው። ያም ሆኖ መረጃ መስጠት ብቻውን ተቋምን ይለውጣል የሚለው እምነት ከእነዚህ ጥናቶች በኋላ ለመቆም ይቸገራል።

አንዲት ነርስ፦ የምሠራበት ጤና ጣቢያ በየጊዜው «መድኃኒት የለም» ተብሎ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል። መድኃኒት የምናመርት እኛ አይደለንም፤ ታዲያ ለምን እንወቀሳለን?

መልስ፦ ቅሬታዎ ትክክል ነው፤ ሆኖም «መድኃኒት የለም» የሚለው ቃል ከአንድ በላይ ችግሮችን በአንድነት ስለሚሸፍን መጀመሪያ መፈታታት አለበት። በምሳሌ እንየው። አመቻቹ ተገልጋዮቹን በዚህ ሩብ ዓመት ተጽፎላቸው ያላገኙትን 5 መድኃኒት በስም ይጠይቃቸዋል እንበል፤ እነሱም የሕፃናት አሞክሳሲሊን፣ ፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የስኳር መድኃኒትና ኦአርኤስ አሉ። ከዚያ በመጋዘን ያሉት፣ የየመድኃኒቱ ገቢና ወጪ የሚመዘገብባቸው የቢን ካርዶች ይታያሉ።

ሁለቱ፣ ኦአርኤስና ፓራሲታሞል፣ መጋዘን ውስጥ ተገኙ፤ ወደ ማደያ ክፍሉ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ በሽተኛው «የለም» ተብሎ ተመልሷል። ይህ የፋርማሲው የራሱ ችግር ነው፤ በሳምንት ውስጥም ይስተካከላል። አሞክሳሲሊኑ አቅራቢው ዘንድ ነበረ፤ ሆኖም ጤና ጣቢያው በየሁለት ወሩ የሚልከው የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ ዘግይቶ ወይም የፍጆታው ቁጥር ተሳስቶ ስለተላከ አልመጣም፤ ይህም የእናንተ ነው። የደም ግፊቱን መድኃኒት አቅራቢው ራሱ ስላልነበረው ከግል አስመጪ መግዛት ይቻል ነበር፤ ግን በጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ ለመጠቀም የቦርድ ውሳኔ ያስፈልጋል፣ ቦርዱ ደግሞ ካልተሰበሰበ ቆይቷል። የስኳሩ መድኃኒት ግን ተጠይቆም ገንዘብ ስለጠፋ ቀርቷል፤ ምክንያቱም የጤና መድን አባላት የታከሙበት ሂሳብ ከወረዳው ገና አልተከፈለም።

ስለዚህ ለ5 መድኃኒቶች አራት ዓይነት ባለቤት ተገኘ ማለት ነው። በገጽ ለገጽ መድረኩ ላይ የቦርዱ ሰብሳቢና የወረዳው የጤና መድን ኃላፊ ካልተገኙ እናንተ ነርሶች ብቻ ሁሉንም ውርጅብኝ ትቀበላላችሁ፤ እነዚያ ሁለቱ ደግሞ ስማቸው ሳይነሣ ያልፋሉ። መድረኩ የተጠራው ቅሬታው የሚመለከተው ሰው በማይኖርበት ዕለት ከሆነ ቀኑን ማዛወር ይሻላል ብዬ እከራከራለሁ፤ ብዙ ፕሮጀክቶች ግን የሪፖርት ጊዜያቸው ስለሚያስቸኩላቸው አያዛውሩትም።

መርሐ ግብሩ ላይም «የመድኃኒት አቅርቦት ይሻሻላል» ተብሎ ከተጻፈ እንዳልተጻፈ ቍጠሩት። «የፋርማሲ ኃላፊዋ ቅጹን በየሁለት ወሩ በቀኑ ትልካለች፣ ቦርዱ እስከ ጥር መጨረሻ ተሰብስቦ ግዥውን ይወስናል» የሚል ከሆነ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሊጠየቅበት ይችላል። ያን ጊዜ የሚታየው ነጥቡ ሳይሆን የእነዚያው 5 መድኃኒቶች ቢን ካርድ ነው። ነጥቡን ብቻ ካየን ልንታለል እንችላለን፦ ሕዝቡ ደረጃውን ሲያውቅ የሚጠብቀው ስለሚጨምር፣ አገልግሎቱ ተሻሽሎም ነጥቡ ሊወርድ ይችላል።

ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ፦ የትውልድ ቀበሌያችን የውኃ ቦኖ ከተበላሸ ቆይቷል። ለማስጠገኛ ገንዘብ አዋጥተናል፤ ካርዱን ከየት እናገኛለን? ገንዘቡንስ በእሱ በኩል መላክ ይቻላል?

መልስ፦ ካርዱ የገንዘብ መላኪያ መንገድ አይደለም፤ ነዋሪዎቹ በራሳቸው አገልግሎት ላይ የሚያካሂዱት ምዘና ነው። ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት ግን ካርድ ሳያስፈልግ ማስጠየቅ የሚችሉት አለ፦ የውኃ ኮሚቴው ከተጠቃሚው የሚሰበስበው ክፍያ አለ ወይ፣ በማን ስም ይቀመጣል፣ የተበላሸው ክፍል በኮሚቴው የሚጠገን ነው ወይስ የወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ይፈልጋል? ፓምፑ ከተበላሸ አብዛኛውን ጊዜ የጽሕፈት ቤቱ ድርሻ ይሆናል፤ እናንተ ስትከፍሉ ያ ድርሻ ከዕቅዱ ይሰረዛል።

ይህ በአገር ቤትም በብዛት የሚታይ ጉድለት ነው። ብዙ የጋራ መርሐ ግብሮችን ብትመለከቱ «ኅብረተሰቡ አጥር ያጥራል፣ ድንጋይ ያቀርባል፣ ገንዘብ ያዋጣል» የሚሉት መስመሮች ተፈጽመዋል፤ «ወረዳው ባለሙያ ይመድባል» የሚለው ግን «በሂደት ላይ» ተብሎ ይቆያል። የተጠያቂነት ሥራ የተጀመረው መንግሥትን ለመጠየቅ ሆኖ ሳለ፣ መጨረሻው ጥያቄ አቅራቢዎቹ ራሳቸው ከፋይ የሚሆኑበት መዋጮ ይሆናል።

ተስፋዬ፦ ስለ ይፋዊ የሕዝብ መድረክስ? እኛ ዘንድ የምናየው የወረዳው ኃላፊ ሪፖርት የሚያነብበት፣ ጭብጨባ የሚሰማበት ነው። በሕንድ ግን ሥርዓት ለወጠ ሲባል እሰማለሁ።

መልስ፦ በሕንድ ራጃስታን፣ የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር ታኅሣሥ 1994 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኮት ኪራና በተባለ መንደር የጠራው መድረክ ከእኛው የሚለየው ምንም ሪፖርት ስላልተነበበበት ነው። የተነበበው የሕዝብ ሥራ የቀን ሠራተኞች የመገኘትና የክፍያ መዝገብ ነበር። ስሞቹ በየተራ በሚጠሩበት ጊዜ፣ እዚያ ሥራ ላይ ያልነበሩ ሰዎች ተከፍሏቸዋል ተብሎ መመዝገቡን ተሰብሳቢው ራሱ መሰከረ። መዝገቡን ለማግኘት የተደረገው ትግል ቆይቶ በራጃስታን በ2000፣ በመላው ሕንድ ደግሞ በ2005 ወደ መረጃ የማግኘት ሕግ አደረሰ።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ስለ ማስረጃው ዓይነት ነው። በወረዳችን ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ «ለጤና ዘርፍ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር» የሚል በጀት ይለጠፋል፤ ይህ መለጠፉ መልካም ነው፣ ግን ማንም ገበሬ ሊያረጋግጠው አይችልም። «በዚህ ቀበሌ ለዚህች ድልድይ ይህን ያህል ኩንታል ሲሚንቶ» ቢባል ግን የሠሩት ሰዎች ያውቁታል፣ ይቆጥሩታል። በሌላዋ የሕንድ ግዛት በአንድራ ፕራዴሽ መንግሥት ራሱ ይህን የመሰለ ኦዲት በሰፊው ሲያካሂድ በርካታ ጉድለት ተገኝቷል፤ ከተገኘው የተመለሰው ገንዘብና የተቀጣው ሰው ግን እጅግ አነስተኛ ነበር። ማጋለጥና ማስመለስ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ሰላማዊት፦ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ በመድረኩ ላይ የተናገረ ሰው በኋላ ቢጠቃስ?

መልስ፦ ይህ እውነተኛ ስጋት ነው፤ ሙሉ መልስም የለኝም። በከፊል የሚረዳው ቅሬታው የቡድን ሆኖ በተወካይ መነገሩ፣ «አዋላጇ እገሊት» ከማለት ይልቅ «በማታ ተረኛ ላይ» መባሉ ነው። አንድ አዋላጅ ብቻ ባለችበት ጤና ጣቢያ ግን ይህ ማንንም አይደብቅም።

ዳዊት (የቀድሞ የወረዳ ፕላን ባለሙያ)፦ ከእርስዎ ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። የወረዳ በጀት በአብዛኛው ደመወዝ ነው። ካርዱ ምን ያህል ጥሩ ቢሞላ፣ ገንዘብ ከሌለ ለሕዝቡ ያልተፈጸመ ተስፋ መስጠት ነው የሚሆነው።

መልስ፦ ስለ ደመወዙ ያሉት ትክክል ነው፤ ስለዚህም አዲስ ሕንፃና ተጨማሪ ሐኪም በመጀመሪያው ሩብ ዓመት መርሐ ግብር ውስጥ ባይገቡ ይሻላል። ገንዘብ የማይጠይቀው ግን ጥቂት አይደለም፤ የሥራ መግቢያ ሰዓት፣ የተራ አያያዝ፣ የአነጋገር አክብሮት፣ ከላይ ያነሣነው የመድኃኒት መጠየቂያ ቅጽ። ገንዘብ ለሚጠይቀው ደግሞ ወሩ ይወስናል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ በመስከረም የተደረገ የገጽ ለገጽ መድረክ የሚያገኘው ተከፋፍሎ ያለቀ በጀት ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት የተደረገው ግን የወረዳው ዕቅድ ገና በሚዘጋጅበት ጊዜ ይደርሳል። የፕሮጀክት የጊዜ ሰሌዳ ግን ከዚህ ጋር ገጥሞ አይወጣም፤ በአገራችን ይህ ሥራ በ1998 ዓ.ም. ከመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ጋር ተያይዞ ሲጀመር ጀምሮ በአብዛኛው የቆመው በለጋሾች ገንዘብ ስለሆነ፣ አመቻቹ የሚመጣውም የሚሄደውም በእነሱ ውል መሠረት ነው። አመቻቹ ከሄደ በኋላ ካርዱን ማን ይጠራዋል ለሚለው፣ የጤና ጣቢያው ቦርድ ይጥራው የሚሉ አሉ፤ ቦርዱ ራሱ ከሚመዘኑት አንዱ መሆኑ ግን አያስማማንም።

ዳዊት፦ ቦርዱን አልቀበለውም። የቀበሌ ምክር ቤት ቢሆንስ?

መልስ፦ ምክር ቤቱ በመደበኛነት በሚሰበሰብባቸው ቀበሌዎች ሊሞከር ይችላል።