68 ሺህ እይታ ሁልጊዜ ከ18 ሺህ ይበልጣል?

ጥያቄ፦ «በማርኬቲንግ የተመረቅኩት አምና ነው። አንድ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ለዩቲዩብ ቻናሉ ሰው ፈልጎ አመለከትኩ። የሁለት ቪዲዮዎችን የስድስት ወር እይታ ሰጡኝና ‹ከየትኛው ዓይነት ብዙ እንሥራ?› አሉኝ። አንዱ ስለ አዲስ አይፎን ነው፣ 68,100 እይታ አለው። ሌላው በኤክሴል ደመወዝ ስለማስላት ነው፣ 18,650 ብቻ። ‹የአይፎኑ ነዋ› ስል ጠያቂው ፈገግ አለና ‹እስከ ሰኞ በጽሑፍ አምጪው› አለኝ። ምኑ ነው ያመለጠኝ? ሠንጠረዡን አያይዣለሁ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ያየሽው ድምሩን ብቻ ነው። ድምር ደግሞ ወደ ታች አይወርድም። ከአምስት ወር በፊት የሞተ ቪዲዮም ድምሩ ሲታይ በሕይወት ያለ ይመስላል። ስለዚህ በየወሩ የገባውን ለብቻ አስቀምጪው።

ከሠንጠረዥሽ እንዳየሁት የአይፎኑ ቪዲዮ በመጀመሪያው ወር 60,000 ታየ። በሁለተኛው ወር 6,000፣ ከዚያ 1,200፣ 500፣ 250፣ በስድስተኛው 150 ሆነ። የኤክሴሉ በ4,000 ጀመረ። ከዚያ 3,200፣ 3,000፣ 2,900፣ 2,800፣ በስድስተኛው ወር 2,750። ዛሬ የአይፎኑን በቀን አምስት ሰው ያየዋል። የኤክሴሉን ዘጠና ሰው። የጠያቂው ፈገግታ እዚህ ጋ ነው።

አንድ ነገር አረጋግጪ። «ወር» ሲሉ ከተለቀቀበት ቀን የሚቆጠር 30 ቀን ነው ወይስ የፈረንጅ ካላንደር? ቪዲዮው በወሩ በ25ኛው ቀን ከተለቀቀ «የመጀመሪያው ወር» የስድስት ቀን ገደማ እይታ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ሁለተኛው ወር ያደገ ይመስልሻል። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ብዙ ሰው ሸውዷል።

ቀጥሎ የአወራረዱን ፍጥነት ለኪ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ተያቸው። ያኔ የሚገባው እይታ በአብዛኛው ከተከታዮችና ከዩቲዩብ መነሻ ገጽ ነው፣ ስለ ቪዲዮው ዕድሜ ብዙ አይነግርሽም። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለውን ውሰጂ። ወራቱ ከB2 እስከ G2 ተደርድረው ከሆነ ይህን ጻፊ፦

```
=(G2/D2)^(1/3)
```

ለአይፎኑ 0.5 ይወጣል። በየወሩ ግማሹን ያጣል ማለት ነው። ለኤክሴሉ 0.97 ይወጣል፣ በወር ሦስት በመቶ ገደማ ብቻ ይቀንሳል። ከዚህ ተነስተሽ የቀረውን ዕድሜ መገመት ትችያለሽ። የአይፎኑ እስከ መጨረሻው ቢቆይ የሚጨምረው ሌላ 150 እይታ ገደማ ነው። አለቀለት። የኤክሴሉ በዚሁ ፍጥነት ከቀጠለ በ33ኛው ወር አካባቢ በድምርም ይበልጠዋል።

33 ወር ግን ረጅም ነው። ስለዚህ «የኤክሴሉ ይሻላል» ብለሽ ብቻ እንዳትገቢ። ጠያቂው ጎበዝ ከሆነ «ታዲያ በየወሩ አንድ የአይፎን ዓይነት ብንሠራስ?» ይልሻል። ሒሳቡን ይዘሽ ጠብቂው።

ከእያንዳንዱ ዓይነት በወር አንድ፣ ለአንድ ዓመት ተሠራ እንበል። ሁሉም እንደ መጀመሪያዎቹ ሄዱ። በ12ኛው ወር የአይፎን ዓይነቶቹ በድምሩ 68,000 ገደማ ያመጣሉ፣ የኤክሴል ዓይነቶቹ 33,500 ገደማ። አሁንም የአይፎኑ እጥፍ ነው! በ13ኛው ወር ግን ካሜራ ያዡ ታመመ ወይም በጀት አለቀና ምንም አልተለቀቀም። የአይፎኖቹ ወደ 8,000 ይወርዳሉ። የኤክሴሎቹ 31,700 ላይ ይቆማሉ። እንደኔ እንደኔ ከጽሑፍሽ ሁሉ ዋናው ይህ አንቀጽ መሆን አለበት። አንደኛው መንገድ እጅሽ እስከሠራ ድረስ ይከፍላል። ሌላው የሠራሽው ተጠራቅሞ ሥራ ስታቆሚም ይከፍላል።

ቁጥሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማስረዳት የእይታውን ምንጭ ጠይቂያቸው። YouTube Studio ውስጥ Analytics፣ ከዚያ Advanced mode፣ ከዚያ Traffic source ላይ ይገኛል። የኤክሴሉ በብዛት ከYouTube search የሚመጣ ከሆነ ግምትሽ መሬት የረገጠ ነው። በየወሩ ደመወዝ የሚከፍል አዲስ የሒሳብ ሠራተኛ አይጠፋም፣ እሱም ይፈልጋል። የአይፎኑ ከBrowse features፣ ማለትም ዩቲዩብ ራሱ መነሻ ገጹ ላይ ከሚያቀርበው ከሆነ ወሬው ሲበርድ ዩቲዩብም ማቅረቡን አቆመ ማለት ነው። YouTube advertising የሚል መስመር ካየሽ ግን ያ የተገዛ እይታ ነው፣ ከሒሳቡ አውጪው። ማስታወቂያ ሲከፈልበት የቆየ ቪዲዮ ጠፍጣፋ መስመር ሠርቶ ዓመት የሚቆይ ይመስላል፣ ክፍያው ሲቆም ግን በሳምንት ውስጥ ይደርቃል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ወቅት ነው። የጾም ምግብ አሠራር ቪዲዮ ከፋሲካ በኋላ ሲወድቅ ልክ የአይፎኑን ይመስላል። በሚቀጥለው ዐቢይ ጾም ግን ይመለሳል። በስድስት ወር ቁጥር ሁለቱን መለየት አይቻልም፣ ቢያንስ 13 ወር ያስፈልጋል። ሠንጠረዥሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ርዕስ ስለሌለ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ሁለተኛው ግን የአንቺኑን የኤክሴል ቪዲዮ ይነካል። የደመወዝ ስሌት በሕግ ይወሰናል። በሐምሌ 2017 በጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ከዚያ በፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ፎርሙላው የተሳሳተ ነው። እይታው ላይወድቅ ይችላል፣ እንዲያውም ሰው አዲሱን ሲፈልግ አሮጌውን እያገኘ ሊጨምር ይችላል። ጉዳቱን እይታው አይነግርሽም፣ አስተያየቶቹ ናቸው የሚነግሩሽ። «ይሄ እኮ ድሮ ነው» የሚል ከበዛ ወይም ሰዎች ቪዲዮውን ከበፊቱ ቶሎ እየዘጉት ከሄዱ ጊዜው አልፎበታል። ዩቲዩብ ላይ ያለውን ፋይል በአዲስ መተካት ስለማይቻል አዲስ ትለቂያለሽ፣ በአሮጌው መግለጫ ላይም አዲሱን ታገናኛለሽ። አዲሱ የአሮጌውን እይታ ይዞ አይጀምርም። ይህንን ወጪ ከአሁኑ በዕቅድሽ ውስጥ አስገቢ።

የአይፎኑንም አታጣጥዪው። እስከ 60,000 ሰው ቻናሉን አውቆታል። ከእነዚያ ስንቱ ሰብስክራይብ እንዳደረገ ያው ገጽ ላይ ይገኛል። ብዙ ከሆነ በዓመት ሁለት ሦስቴ እንዲህ ያለ መልቀቅ ያዋጣል። ማሰልጠኛው አዲስ ዙር ምዝገባ በሚከፍትበት ሳምንት ቢሆን ደግሞ ይበልጥ። ያም ሆኖ ደመወዝ ስሌት ፈልጎ የመጣ ሰው ለኤክሴል ኮርስ የመክፈል ዕድሉ ስለ አይፎን ሊያይ ከገባው ይሻላል፣ ይህን የማርኬቲንግ ምሩቅ ሆነሽ ሳትጽፊ እንዳትቀሪ።

ሰኞ አንድ ገጽ ይዘሽ ሂጂ። ከላይ የሁለቱ ቪዲዮ የወር በወር መስመር በአንድ ግራፍ ላይ ይሁን። 60,000 ሌላውን ሁሉ መሬት ላይ ስለሚያስተኛው ግራፉን ከሦስተኛው ወር ጀምሪው፣ ያንንም ከሥሩ ጻፊ፣ አለበለዚያ ደበቀች ይሉሻል። ከሥሩ 0.5ን እና 0.97ን፣ ቀጥሎ የ12ኛውንና የ13ኛውን ወር ስሌት አስቀምጪ። በመጨረሻ «የእይታውን ምንጭና የሰብስክራይበሩን ቁጥር ብትሰጡኝ ግምቴን አስተካክላለሁ» ብለሽ ጠይቂ።