ፈተናና ቃለ መጠይቅ በአንድ ጠዋት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ ለሂሳብ ሠራተኛ መደብ ማክሰኞ ሰኔ 9 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሜክሲኮ አካባቢ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። በዚያው ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል የመጨረሻ ፈተና አለኝ። ቀኑ እንዲለወጥልኝ ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ መልእክቱን የሚያነበው ሰው በአንድ ቀን የብዙ ተወዳዳሪዎችን ተራ የሚያደላድል ስለሆነ፣ ሊያውቅ የሚፈልገው የትኛው ቀጠሮ እንደሆነ፣ ለምን እንደማይመችዎትና መቼ ሊገኙ እንደሚችሉ ብቻ ነው። እንደሚከተለው ቢጽፉ ይበቃል።

«ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል፦ ለሂሳብ ሠራተኛ መደብ ማክሰኞ ሰኔ 9 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። በዕለቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፈተና ስለምቀመጥ በተባለው ሰዓት መገኘት አልችልም። ሐሙስ ሰኔ 11 ወይም አርብ ሰኔ 12 በማናቸውም የሥራ ሰዓት መቅረብ እችላለሁ። የፈተናውን ፕሮግራም አያይዣለሁ፤ የሚመቻችሁን ቀን ብታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ከዚህ በታች ሙሉ ስምዎንና ስልክዎን ያስፍሩ። የመልእክቱ ርዕስ የሥራ መደቡንና የቀጠሮውን ቀን ቢይዝ ተቀባዩ ማኅደርዎን ፈልጎ ለማግኘት አይቸገርም። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አማራጭ ቀን ነው፦ «ሌላ ቀን ይሁንልኝ» ብቻ የሚል መልእክት ቀን የመፈለጉን ሥራ ለተቀባዩ ስለሚተው ምላሹ ይዘገያል። ይቅርታውንም አያብዙት፤ ፈተና መኖሩ ጥፋት አይደለም።

በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ልቅረብ ብለው እንዳይጽፉ እመክራለሁ። ፈተናው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ቢያልቅም ወረቀት መሰብሰቡና የታክሲው ሰልፍ አለ፤ ከዚያም በቃሊቲና በሳሪስ በኩል ያለው መንገድ ከተጨናነቀ ለሁለተኛ ጊዜ ይቅርታ ሊጠይቁ ነው። አንዴ የተለወጠ ቀጠሮ ደግሞ ዳግመኛ ይለወጣል ተብሎ አይታሰብም።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ በስልክ ሲጠሩኝ ደንግጬ «እሺ» አልኩ። በኋላ ፕሮግራሙን ሳይ ከፈተናዬ ጋር ይጋጫል። አሁን ብጠይቅ ነውር ነው?

መልስ፦ ነውር የለውም፤ ዛሬውኑ ከሆነ። በደወሉበት ቁጥር መልሰው ይደውሉ፤ ከተስማማችሁ በኋላም አዲሱን ቀንና ሰዓት በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላኩላቸው፤ ስልኩን ያነሣው ሰው ቀጠሮውን ለቃለ መጠይቅ አድራጊዎቹ ሳይነግር ቢቀር ማስረጃ ይሆንዎታል።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ አንድ የውጭ ድርጅት ለጁን 18 በ3:00 ጠርቶኛል። ሰኔ 11 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፈተና አለኝ። እንዲያራዝሙልኝ ልጻፍ?

መልስ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን እናጣራ። ሰኔ 1 በእነርሱ ጁን 8 ስለሆነ ቀኑ በእርግጥ አንድ ነው። ሰዓቱ ግን በውጭ አቆጣጠር ከሆነ 3:00 ማለት በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በእነርሱ 9:00 ይባላልና። እንዲህ ከሆነ ፈተናዎ እኩለ ቀን ላይ ቢያልቅ እንኳ ጊዜ አለዎት፤ ያልነበረ ግጭት አቅርበው ቀጠሮ ያስለወጡ ይሆን ነበር። ጥሪው ላይ PM የሚል ካለ ነገሩ አለቀ። ከሌለ፣ ድርጅቱ ውስጥ የሚጽፈው አገር በቀል ሠራተኛ በእኛ ሰዓት አስቦ ሊሆን ስለሚችል «3:00 ያላችሁት ከጠዋቱ ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ?» ብለው ይጠይቁ። ሰዓቱ ከጠዋቱ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ የማራዘሚያ ጥያቄዎን ይላኩ፤ በዚያ መልእክት ላይ ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ቢጽፉ መልካም ነው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ «ቀን አይለወጥም» አሉኝ። የሚጋጨው የመውጫ ፈተናው ነው። የቱን ልተው?

መልስ፦ ፈተናውን አይተዉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ 50 ከመቶና በላይ ማምጣት ያለበት ይህ ፈተና በአገር አቀፍ መርሐ ግብር የሚሰጥ ስለሆነ፣ ለአንድ ተፈታኝ ተብሎ ቀኑ አይለወጥም፤ ካለፈዎትም የሚቀጥለውን ዙር መጠበቅ ነው። ሥራው ዲግሪ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ቃለ መጠይቁን አልፈው ያለ ዲግሪው የሚቀጠሩበት መንገድ ጠባብ ነው። ሆኖም ቀኑ ባይለወጥ ተራው ሊለወጥ ይችላል። ተወዳዳሪዎች የሚገቡት አንድ በአንድ ስለሆነ፣ ፈተናዎ ጠዋት ከሆነ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር የፈተናውን ሰዓት የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፈው በአካል ይሂዱና በዕለቱ የመጨረሻው ተራ እንዲሰጥዎት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ማመልከቻዎ በመዝገብ ቤት ገቢ መደረጉንም ያረጋግጡ። ለሁሉም በአንድ ሰዓት የሚሰጥ የጽሑፍ ፈተና ከሆነ ግን ይህ መንገድ አይሠራም፤ ያኔ የሚቀረው የሚቀጥለውን ማስታወቂያ መጠበቅ ነው።