ከማሲንቆው በፊት በጉሮሮ

«ደብረ ብርሃን ነኝ። ማሲንቆ በጆሮ ነው የተማርኩት፣ ኖታ አላውቅም። ለሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና በየቀኑ ምን ልለማመድ? የተፈተነ ካለ ንገሩኝ።»

እህቴ፣ እኔም የዚያው ልጅ ነኝ። በጆሮ ተምሬ፣ ተፈትኜ አልፌያለሁ።

1. ጠዋት ማሲንቆውን እንዳታነሺ፣ መጀመሪያ በጉሮሮሽ ዝፈኚ። ብርዳችንን ታውቂዋለሽ። በተለይ ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ስቦ ይላላል፣ ድምፁ ወርዶ ያድራል። በዚያ ከጀመርሽ ጆሮሽም አብሮ ይወርዳል። እኔ ስልኬ ላይ ፒያኖ ጭኜ ዶን እመታለሁ፣ ከዚያ ቅኝቱን በጉሮሮዬ ወጥቼ እወርዳለሁ። ስጨርስ ዶን እንደገና እመታለሁ። እኔና ስልኩ ካልገጠምን መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ስቻለሁ ማለት ነው። (ቆዳውን ላወጥር ብለሽ እሳት ዳር እንዳታስጠጊው፣ ይሰነጠቃል። ትንሽ ፀሐይ ይበቃዋል።)

2. ትዝታና ባቲ አያስቸግሩሽም። ጉዱ ያለው አንቺሆዬ ላይ ነው። ከዶ ስትነሺ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ናቸው፣ መለያየት የሚጀምሩት አራተኛዋ ላይ ነው። ሶል ፍላቷ ከፋ የምትርቀው ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። ትንሽ ከፍ ካደረግሻት ላ ደግሞ ተከትላ ትወርዳለች፣ ሳታውቂው አምባሰል ቤት ገብተሻል። የሚያምር ስለሆነ ስህተት አይመስልሽም። ማሲንቆ ላይ ደግሞ ጭራውን በጣት ትነኪዋለሽ እንጂ እንጨቱ ላይ አትጫኚውም፣ ጣትሽን የሚመራው ጆሮሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋና ሶል ፍላትን ብቻ ደጋግሜ እዘፍናለሁ፣ ከዚያ ወደ ላ እዘላለሁ፣ እሷ አንድ ተኩል ድምፅ ናት። እናቴ «ዛሬም እዚያችው ላይ ነሽ?» እስክትለኝ ድረስ። ጉሮሮዬ ሲይዘው ነው ደጋን የማነሳው።

3. መነሻውን ቀያይሪው፣ ዛሬ ከዶ፣ ነገ ከሬ፣ ከነገ ወዲያ ከፋ። ይህን የምልሽ... ቆይ፣ መጀመሪያ የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ ልንገርሽ። የአባቴ ስም በትራንስክሪፕቱና በመታወቂያዬ ላይ በአንድ ፊደል ስለተለያየ አስተካክለሽ ነይ ብላ መለሰችኝ። ይሁን፣ ሥራዋ ነው። ግን «ለአዝማሪነት ደግሞ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ብላ ከጓደኛዋ ጋር ሳቀችብኝ! እስካሁን ያንገበግበኛል። አንቺ ወረቀቶችሽን አሁኑኑ አስተያዪ።

ፈተናው ላይ ፈታኙ ፒያኖ ላይ ዶን ሳይሆን ሌላ ድምፅ መታና «ከዚህ ተነስተሽ አንቺሆዬ» አለኝ። ማሲንቆዬ ገና ከሻንጣው አልወጣም። ዘፈንኩለት። ከእኔ በፊት የገባው ልጅ፣ ከእኔ የተሻለ ደጋን የሚመታ ልጅ፣ «መጀመሪያ ማሲንቆዬን ልቃኝ» ብሎ ሲለምን ውጭ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

አንቺሆዬን ያለ ማሲንቆ ቅረጪና በውስጥ መስመር ላኪልኝ። አራተኛዋን ሰምቼ እነግርሻለሁ።