ለዕቃ መግዣ ልትበደሩ ነው? ጠይቁኝ

ደሴ ፒያሳ ጨርቅ እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት 9 ዓመት በአንድ አነስተኛ የብድር ተቋም ብድር ሳዘጋጅ ነበር። የበዓል ዕቃ የሚያስገባው ሁሉ ሰሞኑን ስለ ብድር ስለሚጠይቀኝ፣ አንድ ላይ ልመልስ።

«እትዬ፣ ኮምቦልቻ ጫማ እሸጣለሁ። 100 ሺህ ብር በ18 ከመቶ ለአንድ ዓመት ሊሰጡኝ ነው። ጥሩ ነው አይደል?»

አብሽሪ እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለት ነገር ጠይቂያቸው። እጄ ላይ ስንት ይደርሳል? በየወሩስ ስንት እከፍላለሁ? በውስጥ መስመር የላክሽልኝን ወረቀት አየሁት። 2 ሺህ የአገልግሎት ክፍያ፣ 1 ሺህ ኢንሹራንስ፣ 10 ሺህ ደግሞ የግዴታ ቁጠባ ተቆርጦ የምትቀበይው 87 ሺህ ነው። ወለዱ ግን በ100 ሺው ላይ ነው የታሰበው፣ ያውም ዓመቱን ሙሉ፤ በየወሩ ዋናውን እየመለስሽ ስትሄጂ እንኳን አይቀንስም። 18 ሺህ ወለድ ተጨምሮ በየወሩ 9,833 ብር ትከፍያለሽ። ያው 18 ከመቶ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ቢሰላ ኖሮ ወለዱ 10 ሺህ ገደማ ነበር የሚሆነው። ስለዚህ «ወለዱ የሚሰላው በዋናው ነው በቀሪው?» ብለሽ ጠይቂ። የክፍያ ሰንጠረዡንም ሳትፈርሚ ውሰጂ። የወለዱ ዓምድ ከወር ወር እኩል ከሆነ፣ በዋናው ላይ ነው።

«የእኔም ብድር እንደ ኮምቦልቻዋ ነው፣ ራሴ አሰላሁት። ወለዱና ክፍያው 21 ሺህ፣ ለ100 ሺህ ሲካፈል 21 ከመቶ። ምን ያስፈራል?»

ክፍያዎቹን መደመርህ ልክ ነው፤ ብዙ ሰው እሱንም ይረሳል። ያካፈልክበት ቁጥር ነው ችግሩ። 100 ሺው ዓመቱን ሙሉ እጅህ ላይ አይቆይም። በመጀመሪያው ወር 87 ሺህ አለህ፣ በመጨረሻው ወር ምንም የለህም ማለት ይቻላል። የዓመቱን አማካይ ስታወጣው 41 ሺህ ገደማ ነው። በ41 ሺህ ብር ስትሠራ ከርመህ 21 ሺህ ከፈልክ ማለት ነው። የጣት ስሌቱ ትንሽ ያጋንናል፤ ትክክለኛውን ለማግኘት ስልክህ ላይ ኤክሴል ከፍተህ ይህን ጻፍ፦

```
=RATE(12,-9833.33,87000,10000)
```

12 የወራቱ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ወርሃዊው ክፍያ፣ እጅህ የገባው ገንዘብ፣ መጨረሻ ላይ የሚመለስልህ ቁጠባ። በወር 3.8 ከመቶ ገደማ ይሰጥሃል፤ በ12 ስታባዛው 45 ከመቶ ያልፋል። ቁጠባው ወለድ የሚያስገኝልህ ከሆነ ትንሽ ያቃልለዋል እንጂ ነገሩን አይለውጠውም።

«እኔ ወለድ አልነካም፣ ሙራባሃ ነው የምወስደው። ይሄ ስሌት አይመለከተኝም አይደል?»

የሃይማኖቱን ነገር ለሚያውቁት ልተወው። የዋጋው ስሌት ግን ይመለከትሃል። ባንኩ ዕቃውን በስንት ገዛው፣ ላንተ በስንት ሸጠልህ፣ በስንት ወር ትከፍላለህ? ትርፉን የወለዱ ቦታ ላይ አስገባውና ያው መንገድ ይሠራል። ቅድሚያ የምትከፍለው ካለ፣ ከዕቃው ዋጋ ላይ ቀንሰህ ጀምር።

«ወልዲያ ነኝ። ብድር ለምኔ፣ የመርካቶው አከፋፋይ በዱቤ ይሰጠኛል፣ ወለድ የለውም።»

በካሽ ብትገዛ ስንት ነው? እስቲ ጠይቀው። በካሽ 1,000 ብር የሆነውን በሁለት ወር ዱቤ 1,080 ካለህ፣ በወር 4 ከመቶ ነው፤ ከላይ ካለው ብድር ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ዋጋው እውነት እኩል ከሆነ ግን ዱቤህን አትልቀቅ።

«እኔው ወልዲያ ነኝ። ጠየቅኩት፣ 1,050 ነው። ደግሞ ያልተሸጠውን ይመልስልኛል።»

እንግዲያ ያንተ ይሻላል። በወር 2.5 ነው። የመመለሱ ነገር ግን በቃል ብቻ ነው ወይስ የተጻፈ አለ? በቃል ከሆነ እኔ አልቆጥረውም፤ ለዓመታት አብረው የሠሩ ሰዎች ግን በቃል ብቻ ሲመላለሱ አይቻለሁ፣ አንተ ሰውየውን ታውቀዋለህ።

«የኮምቦልቻዋ ነኝ። ጫማው በ3 ወር ያልቃል፣ ከዚያ ብድሩን ቶሎ ዘግቼ ብገላገልስ?»

ውሉ ላይ ነው የሚወሰነው። ቀድሞ ለሚዘጋ ሰው የቀሪውን ወር ወለድ የሚቀንስ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያስከፍልም አለ። የማይቀንስ ከሆነ ብድሩ ላንቺ የ3 ወር ነው፣ ወጪው ግን የዓመት፤ ቀድመሽ በዘጋሽ ቁጥር ብሩ ይበልጥ ይወደድብሻል። ያኔ ምርጫሽ ሁለት ነው። ወይ የ3 ወር ብድር ትጠይቂያለሽ፣ ወይ ጫማው በተሸጠ ቁጥር ሌላ ዕቃ እየገዛሽ ብሩን ታሠሪዋለሽ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር ከሆነ፣ በ87 ሺው ዕቃ ላይ 21 ሺህ ብር ካተረፍሽ ገና ለብድሩ ወጪ ብቻ ነው፤ ኪራዩና የጭነቱ አልገቡም። ነገ ሂጂና ይህን አንድ መስመር ከውሉ ላይ ፈልጊ፣ ያገኘሽውን እዚሁ ጻፊልኝ።