የጡረታ አበል እንዴት ይሰላል? ጥያቄና መልስ ከጋሽ ታደሰ ጋር

ጋሽ ታደሰ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጡረታ አበል ውሳኔ ሥራ ላይ ረጅም ዓመት ቆይቻለሁ። ዛሬ የምመልሰው ስሌቱን ብቻ ነው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ ስንት ዓመት እንዳገለገላችሁ፣ የመጨረሻዎቹን 36 ወራት ደመወዝ፣ የመንግሥት ይሁን የግል ድርጅት። እነዚህ ከሌሉ መልስ የለኝም።

ትዕግሥት (መዝገብ ቤት)፦ ነሐሴ መጨረሻ 2018 ላይ 60 ይሞላኛል። 28 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። ደመወዜ 15,000 ነው። ስንት ይደርሰኛል?

ጋሽ ታደሰ፦ ከጭማሪዎቹ በፊት ስንት ነበር? የአሁኑ ብቻ አይበቃኝም።

ትዕግሥት፦ እስከ መስከረም 2017 ድረስ 6,000 ነበር። ከጥቅምት 2017 ጀምሮ 9,000 ሆነ። ከመስከረም 2018 ወዲህ 15,000።

ጋሽ ታደሰ፦ ጎበዝ፣ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። በመጀመሪያ ፐርሰንቱን እናውጣ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይያዝልሻል። ከዚያ በላይ ያለው 18 ዓመት እያንዳንዱ 1.25 በመቶ ይጨምራል፤ 22.5 ማለት ነው። ድምሩ 52.5 በመቶ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። ይህ 52.5 በመቶ የሚባዛው በ15,000 አይደለም። ጡረታ ከመውጣትሽ በፊት ባሉት 36 ወራት አማካይ ደመወዝ ነው። ያንቺ 36 ወራት ከመስከረም 2016 ይጀምራሉ። 13 ወር በ6,000፣ 11 ወር በ9,000፣ 12 ወር በ15,000። ሲደመር 357,000 ብር። ለ36 ሲካፈል 9,916 ብር ከ67 ሳንቲም። የዚህ 52.5 በመቶ 5,206 ብር ከ25 ሳንቲም ነው። አበልሽ ይኼ ነው።

በአጭሩ፦

አበል = የ36 ወር አማካይ ደመወዝ × [30% + 1.25% × (የአገልግሎት ዓመት − 10)]

ትዕግሥት፦ እኔ 7,875 ነበር የጠበቅሁት። ጓደኞቼም እንደዚያ ነው ያሰሉልኝ።

ጋሽ ታደሰ፦ ጓደኞችሽ ፐርሰንቱን በትክክል አውጥተዋል። የተሳሳቱት በመጨረሻው ደመወዝ ላይ ማባዛታቸው ነው። ደመወዝ ሳይለወጥ ቢቆይ ኖሮ ሁለቱ ስሌት አንድ ይሆን ነበር። ድሮ ጭማሪ በየስንት ዓመቱ አንዴ ሲመጣ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም ነበር። አሁን ግን በሦስቱ ዓመት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጭማሪ ገብቷል። ከጭማሪው በፊት የነበሩት ወራት አሁንም አማካዩ ውስጥ ስላሉ ወደ ታች ይጎትቱታል። ለዚህ ነው አበልሽ ከመጨረሻ ደመወዝሽ 35 በመቶ እንኳ ያልሞላው።

ዳንኤል፦ እኔ 30 ዓመት ስላለኝ 30 ሲደመር 30 ጊዜ 1.25፣ ማለትም 67.5 በመቶ አገኛለሁ። ልክ ነኝ?

ጋሽ ታደሰ፦ አይደለህም። የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት በ30 በመቶው ውስጥ ተቆጥረዋል። ሁለቴ አይቆጠሩም። የቀረህ 20 ዓመት ነው፤ 25 በመቶ። ድምሩ 55።

ዳንኤል፦ ታዲያ 70 በመቶ ነው የሚባለው ከየት መጣ? ያባቴ ጓደኛ 70 በመቶ ይደርሰናል ይላል።

ጋሽ ታደሰ፦ 70 ጣሪያው ነው፤ ከዚያ አያልፍም ማለት እንጂ ሁሉም ይደርስበታል ማለት አይደለም። ከ30 ተነስቶ 70 ለመድረስ 40 በመቶ ያስፈልጋል። ያ በ1.25 ሲካፈል 32 ዓመት ነው። ከአሥሩ ጋር 42። በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ ሳያቋርጥ እስከ 60 የሠራ ሰው ብቻ ነው የሚደርስበት። እኔ እጅ የገቡት ማኅደሮች አብዛኞቹ ከዚያ በታች ናቸው።

ሻምበል (ጡረተኛ)፦ ለወታደርና ለፖሊስ በየዓመቱ 1.65 ነው። ስለዚህ ከ34 ዓመት ትንሽ ፈቀቅ ሲል ጣሪያው ይነካል።

ዳንኤል፦ ይኼማ ፍትሐዊ አይደለም። ሁላችንም 7 በመቶ ነው የሚቆረጥብን።

ሻምበል፦ ያንተ መሥሪያ ቤት 11 በመቶ ሲያዋጣልህ፣ ለሠራዊቱ የሚዋጣው 25 በመቶ ነው። ደግሞ ወታደር እንዳንተ እስከ 60 አይቆይም። ቀድሞ የሚወጣ ሰው በዓመት ትንሽ ከፍ ያለ ካልታሰበለት ምን ሊበላ ነው?

ዳንኤል፦ የሚዋጣው እኮ ከመንግሥት ካዝና ነው፣ ከወታደሩ ኪስ አይደለም።

ሻምበል፦ ያንተስ 11 ከየት መጥቶ ነው?

ጋሽ ታደሰ፦ ሁለታችሁም ቁጥራችሁ ልክ ነው። ፍትሑን ግን ሕግ አውጪው ጋ ተከራከሩበት፤ ሌላ ጥያቄ ያለው ይቀጥል።

ሙሉጌታ፦ ስንት ይደርሰኛል?

ጋሽ ታደሰ፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብብ። ዓመት የለ፣ ደመወዝ የለ።

አስናቀች፦ እኔም እንደ ትዕግሥት 28 ዓመት አለኝ፣ ደመወዛችንም አንድ ነው። ግን 60 አልሞላኝም፤ በፈቃዴ ቀድሜ መውጣት እችላለሁ ተብያለሁ። ነሐሴ ላይ ልውጣ ወይስ አንድ ዓመት ልታገሥ?

ጋሽ ታደሰ፦ ይህን ጥያቄ ወደድኩት። አንድ ዓመት ብትጨምሪ ሁለት ነገር ይለወጣል። አንደኛ፣ ፐርሰንቱ 53.75 ይሆናል። ይህ ብቻውን በትዕግሥት አማካይ ላይ በወር 124 ብር ያህል ነው የሚጨምረው።

ሁለተኛው ግን በጣም ይበልጣል። ጊዜው አንድ ዓመት ወደፊት ሲገፋ ከ6,000 ወሮች አሥራ ሁለቱ ከስሌቱ ይወጡና በ15,000 ይተካሉ። የቀረው አንድ ወር በ6,000፣ 11 ወር በ9,000፣ 24 ወር በ15,000 ነው። ድምሩ 465,000፣ አማካዩ 12,916 ብር ከ67። በ53.75 በመቶ 6,942 ብር ከ71 ይሆናል። ነሐሴ ላይ ብትወጪ 5,206 ነበር። ልዩነቱ በየወሩ 1,736 ብር ነው፤ የሚከፈለውም ዕድሜ ልክ ነው።

አንድ ወር ብቻ ብትቆዪ እንኳ አንድ የ6,000 ወር በ15,000 ይተካል። አማካዩ በ250 ብር ከፍ ይላል፤ አበሉ በ131 ብር። ስለዚህ በቅርቡ ጭማሪ ያገኘ፣ የመውጫ ቀኑንም ራሱ የሚመርጥ ሰው ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት ወራቱን በወረቀት ላይ ይደርድር። እንደ ትዕግሥት 60 ሞልቶት በሕግ የሚወጣ ሰው ግን ይህ ምርጫ የለውም። ያሳዝነኛል። በአንድ ዓመት የሚለያዩ እኩዮች፣ አንድ ወንበር ላይ የሠሩ፣ አበላቸው እንዲህ ሲራራቅ አይቻለሁ።

ገነት (ሒሳብ ሠራተኛ)፦ ጋሽዬ፣ ጤናዋ ካልፈቀደ ግን አንድ ዓመት መቆየት ቀላል አይደለም። ደግሞ በዚያ ዓመት የማታገኘው 5,206 በ12 ሲባዛ 62,000 ብር አለፍ ይላል።

ጋሽ ታደሰ፦ በዚያ ዓመት ደመወዝ ትበላለች እኮ፣ ገነት። ጤናዋ ከሆነ ግን ልክ ነሽ፤ እሷ ናት የምታውቀው።

ሹፌሩ፦ በግል ድርጅት 20 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከ1998 ጀምሮ። በወር 20,000 ነው የማገኘው። 42.5 በመቶ ብዬ 8,500 አስቤያለሁ።

ጋሽ ታደሰ፦ ሁለት ቦታ ላይ ላስቆምህ። ከ20,000ው መሠረታዊ ደመወዝህ ስንት ነው?

ሹፌሩ፦ 12,000። ሌላው አበልና ትርፍ ሰዓት ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ እንግዲያው ስሌቱ የሚሠራው በ12,000 ነው። የትራንስፖርት አበል፣ የቤት አበል፣ ትርፍ ሰዓት፣ ውሎ አበል አይገቡም። መሠረታዊ ደመወዝ ብቻ! ይህን በየዕለቱ ስናገር ኖሬያለሁ።

ሁለተኛው ዓመቱ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። ከዚያ በፊት ድርጅትህ ፕሮቪደንት ፈንድ ነበረው? ያ ገንዘብ ወደ ጡረታ ፈንዱ ተዛውሯል?

ሹፌሩ፦ ምንም አልነበረንም።

ጋሽ ታደሰ፦ ስለዚህ የሚቆጠርልህ ከ2003 ወዲህ ያለው ነው፤ እስከ ዘንድሮ 15 ዓመት። 30 ሲደመር 5 ጊዜ 1.25፣ 36.25 በመቶ። ሦስቱንም ዓመት 12,000 ከነበረ 4,350 ብር ይሆናል። ካሰብከው ግማሽ ገደማ ነው። ከ2003 በፊት ግን የመንግሥት ሥራ ከነበረህ ንገረኝ። እሱ ይደመራል።

ሹፌሩ፦ ከ1992 እስከ 1997 ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሹፌር ነበርኩ። ማስረጃው ግን እጄ ላይ የለም።

ጋሽ ታደሰ፦ ይኼን መጀመሪያ ብትል ጥሩ ነበር! ነገ ሂድና የቅጥር ደብዳቤህን፣ የደመወዝ እድገትህንና የለቀቅክበትን ደብዳቤ ከዚያ መሥሪያ ቤት ማኅደር አስፈልግ። አምስት ዓመት ቢገኝልህ 6.25 በመቶ ነው፤ በየወሩ 750 ብር። ሁላችሁም ማኅደራችሁን አሁን እዩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ የጠፋ ደብዳቤ ፍለጋ በጣም ያደክማል። ወረዳዎች ተከፍለዋል፣ ተዋህደዋል፣ ሰነድ ከቢሮ ቢሮ ሲዛወር የቀረ ብዙ ነው።

ገነት፦ መሠረታዊ ደመወዛችን በትክክል እየተዘገበ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ጋሽ ታደሰ፦ ከደመወዝ ስሊፓችሁ ላይ የጡረታ ተቀናሹን እዩ። በ100 አባዙትና ለ7 አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ጡረታ የሚታሰብበት ደመወዛችሁ ነው። ሹፌሩ 840 ብር ከተቆረጠበት 12,000 ይወጣል። 560 ከሆነ ግን የተያዘው 8,000 ነው፤ ድርጅቱ ዝቅ አድርጎ ነው ያስመዘገበው። ብዙ ሰው ተቀናሹ ሲያንስ ደስ ይለዋል። በኋላ አበሉ ላይ ነው የሚመጣበት።

ስሊፑ ላይ ተቆርጦ ለፈንዱ ያልገባም ያጋጥማል። ስለዚህ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ በስማችሁ የገባውን መዋጮ አስተያዩ።

ሰሎሞን (ዋሽንግተን)፦ እኔ አሜሪካ ለፌዴራል መንግሥት እሠራለሁ። የኛም በሦስት ዓመት አማካይ ነው። ያው ነው?

ጋሽ ታደሰ፦ የአሜሪካው የኔ ሙያ አይደለም። የሚያውቅ ይመልስ።

ቤተልሔም፦ እህቴ እዚያው ነው የምትሠራው። የናንተ ከፍተኛው ተከታታይ ሦስት ዓመት ነው፣ የግድ የመጨረሻው መሆን የለበትም። በየዓመቱ 1 በመቶ ነው፤ 62 ሞልቶህ 20 ዓመት ካገለገልክ 1.1። የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የተለየ ዋጋ የላቸውም።

ጋሽ ታደሰ፦ ልዩነቱን አያችሁት? እዚህ አንድ ሰው በመጨረሻ ዓመቱ ዝቅ ባለ ደረጃ ቢመደብ አማካዩ ይወርዳል።

ሙሉጌታ፦ እሺ፣ 9 ዓመት ነው ያለኝ። 60 ሊሞላኝ ነው። ስንት ይደርሰኛል?

ጋሽ ታደሰ፦ አሁን ጠየቅክ። 10 ዓመት ካልሞላ ወርኃዊ አበል የለም፤ የሚከፈልህ አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ የሠራኸው አንድ ዓመት ካለ እሱን ፈልግ። ላንተ ያ አንድ ዓመት 1.25 አይደለም የሚያመጣልህ፣ ሙሉውን 30 በመቶ ነው። ከ9 ወደ 10 መሻገርን የሚያህል ሌላ ዓመት በስሌቱ ውስጥ የለም።

ሙሉጌታ፦ በቀን ሙያተኝነት ሠርቻለሁ፣ ሰባት ወር ያህል። እሱ ይቆጠራል?

ጋሽ ታደሰ፦ ጡረታ ተቆርጦብሃል?

ሙሉጌታ፦ አላስታውስም።

ጋሽ ታደሰ፦ የዚያን ጊዜ የደመወዝ መክፈያ ሊስት አስፈልግና ተመለስ። ተቀናሹ ካለ እንነጋገራለን።